ከመስመሩ በላይ የወጣችው ነጥብ፦ የወላይታው የዝሆኔ ጥናት እንዴት ይነበባል?

እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተገኘ አንድ የጥናት ውጤት ታተመ። የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ ፋሲል ተኮላ አየለ ሲሆን፣ ጥናቱ ሊመልሰው የተነሳው ጥያቄ በወላይታ መንደሮች ለዘመናት ሲጠየቅ የኖረ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እግራቸው አርሰው፣ አንዱ እግሩ አብጦ ሲቀር ሌላው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልሱ የተገኘው በነጥቦች በተሞላ አንድ ሥዕል ላይ ነው። ከሥር ወፍራም የነጥብ ምንጣፍ ይታያል፤ ከላዩ አግድም የተሰመረ መስመር አለ፤ ያን መስመር ተሻግራ የወጣች ነጥብ ደግሞ አለች። በዘረመል ምርምር ዓለም ይህ ዓይነቱ ሥዕል የማንሃተን ሥዕል ይባላል፤ ወደ ላይ የሚወጡት የነጥብ ማማዎች በኒው ዮርክ ከተማ ማንሃተን ውስጥ የተደረደሩትን ረጃጅም ሕንፃዎች ስለሚመስሉ ነው። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ አእምሮ ሕመም “አዲስ ዘረመል ተገኘ” የሚል ዜና ሲሰማ፣ ከዜናው ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው እንዲህ ያለ ሥዕል ነው። አነባበቡን የሚያውቅ ሰው ዜናው ምን ያህል እንደሚታመን ራሱ መመዘን ይችላል። ስለዚህ የወላይታውን ጥናት ይዘን ሥዕሉን ደረጃ በደረጃ እናንብበው።

በሽታው

ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣውን የእግር እብጠት ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ አካባቢዎች በስፋት የሚታየው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገቡና የእግርን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ ሲጎዱ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግሩም ያብጣል። ይህን ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሠርተው ያሳዩት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በሽታው በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል።

አፈሩ ግን ሁሉንም አያሳምምም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ታማሚ ይገኛል፤ በሌላው አንድም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወላይታ 59 ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ሰውን ከሰው ከሚለየው ተጋላጭነት ውስጥም 63 በመቶ ያህሉ በውርስ እንደሚብራራ ገመተ። ውርስ እንዳለበት ከታወቀ ቀጣዩ ጥያቄ በጂኖሙ ውስጥ የትኛው ቦታ ነው የሚለው ነበር። የ2012ቱ ጥናት 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ ያንን ቦታ ፈለገ።

አንዲት ነጥብ እንዴት ትሠራለች?

የሰው ልጅ ጂኖም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ጽሑፍ ነው። አብዛኛው በሁላችንም ዘንድ አንድ ነው፤ በአንዳንድ ቦታዎች ላይ ግን አንዱ ሰው ኤ፣ ሌላው ጂ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው የአንድ ፊደል ልዩነት ስኒፕ ይባላል። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ዲኤንኤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስኒፖችን በአንድ ጊዜ በሚያነብ ቺፕ ላይ ያስቀምጣሉ። በዚህ ዓይነት ጥናት የሚነበቡት ስኒፖች ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣሉ። በሥዕሉ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ስኒፕ ናት።

ማንኛውም ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ የጂኖሙን ሁለት ቅጂ ይይዛል። ስለዚህ 194 ታማሚዎች 388 ቅጂ፣ 203 ጤነኞች ደግሞ 406 ቅጂ አላቸው። የሚሠራው ሥራ ቆጠራ ነው። የጥናቱን ትክክለኛ ቆጠራ ሳይሆን ለማስረዳት የሚሆን ቁጥር ልውሰድ። በአንድ ስኒፕ ላይ ከጤነኞቹ 406 ቅጂዎች 122ቱ፣ ማለትም 30 በመቶ ያህሉ፣ ጂ ናቸው እንበል። ከታማሚዎቹ 388 ቅጂዎች ደግሞ 198ቱ፣ 51 በመቶ ያህሉ፣ ጂ ሆነው ተገኙ። በታማሚዎቹ በኩል ጂ ከሌላው ፊደል ጋር ያለው ምጥጥን 198 ለ190 ነው፤ በጤነኞቹ በኩል 122 ለ284 ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 2.4 ይመጣል። ይህ ቁጥር የፊደሉን ኃይል ይነግረናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። ፊደሉ ከበሽታው ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረው፣ ተሳታፊዎቹ እንዲያው በአጋጣሚ ስለተመረጡ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት የመታየቱ ዕድል ስንት ነው? ይህ ዕድል ፒ ቫልዩ ይባላል። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ ዕድሉ ከቢሊዮን 1.7 ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጥር ከነጥቡ በኋላ ብዙ ዜሮ ስላለው በሥዕል ላይ ለማስቀመጥ አይመችም። ስለዚህ የሥዕሉ ቋሚ መለኪያ ፒ ቫልዩውን ሳይሆን -log10(p) የተባለውን ቁጥር ይይዛል። ይህ በቀላሉ ሲታይ የዜሮዎች ቆጠራ ነው፦ ከ10 አንድ የሆነ ዕድል ከፍታው 1፣ ከ100 አንድ የሆነው 2፣ ከሚሊዮን አንድ የሆነው 6፣ ከቢሊዮን አንድ የሆነው 9 ነው። ነጥቧ ከፍ ባለች ቁጥር “ይህ አጋጣሚ ነው” ማለት ይበልጥ ይከብዳል።

አግድሙ መለኪያ አድራሻ ነው። ክሮሞሶሞች ከ1 እስከ 22 ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፤ ዓይን እንዲለያቸውም አንዱ ክሮሞሶም በአንድ ቀለም፣ ቀጣዩ በሌላ ቀለም ይሳላል። እያንዳንዷ ነጥብ በክሮሞሶሟ ላይ ባላት ቦታ ልክ ትቀመጣለች። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ያያል፤ ነጥቧ የት እንዳለች ከአግድሙ፣ ምን ያህል ከአጋጣሚ እንደራቀች ከቋሚው።

መስመሩ ለምን እዚያ ተሰመረ?

በብዙ የሕክምና ጥናቶች ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ ውጤቱ ቁም ነገር ያለው ተብሎ ይወሰዳል። በማንሃተን ሥዕል ላይ ይህ ከፍታው 1.3 ብቻ ነው፤ ከወፍራሙ የነጥብ ምንጣፍ ውስጥ እንኳ አይወጣም። የማንሃተኑ መስመር የተሰመረው ግን 7.3 ላይ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከጥያቄዎቹ ብዛት ነው።

አንድ ሰው ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውሮ 10ሩንም ጊዜ አንበሳ ቢወጣለት ሳንቲሙን እንጠረጥራለን፤ ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነውና። ነገር ግን በአንድ ስታዲየም የተቀመጡ 20,000 ሰዎች ሁሉ 10 10 ጊዜ ቢወረውሩ፣ ሳንቲሞቹ ምንም ሳይጎድላቸው ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች 10ሩንም አንበሳ ያወጣሉ። ከእነዚያ አንዱን ጠርቶ “ሳንቲምህ የተበላሸ ነው” ማለት ስሕተት ነው። የጂኖም ጥናትም ግማሽ ሚሊዮን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። መለያው 0.05 ቢሆን፣ ከበሽታው ጋር ምንም የማይገናኙ 25,000 ስኒፖች በአጋጣሚ ብቻ አልፈው ይገኙ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሒሳብ ነው፤ 0.05ን ለጥያቄዎቹ ብዛት ማካፈል። ታዲያ ጥያቄዎቹ ስንት ናቸው? ጎን ለጎን ያሉ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚወረሱ፣ ሁለት ጎረቤት ስኒፖችን መፈተሽ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንደመጠየቅ ነው። ይህ ሲታሰብ በጠቅላላው ጂኖም ላይ ያሉት የተለያዩ ጥያቄዎች በአውሮፓውያን ዘንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው ተብሎ ተገምቷል። 0.05 ለ1,000,000 ሲካፈል 5×10⁻⁸ ይሆናል፤ በሥዕሉ ላይ ከፍታው 7.3 ነው። ቁጥሩን ኒል ሪሽና ካትሊን ሜሪካንጋስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ቺፕ ገና ሳይኖር እ.ኤ.አ. በ1996 አቅርበውት ነበር፤ በኋላ የተሠሩ ስሌቶችም ወደዚያው አካባቢ መለሱት።

እዚህ ላይ መስመሩ የሚሰጠውን ዋስትና በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ከበሽታው ጋር የሚገናኝ አንድም ስኒፕ በሌለበት ሁኔታ 20 ጥናቶች ቢሠሩ፣ በአንዱ ያህል ውስጥ አንዲት ነጥብ በአጋጣሚ መስመሩን ታልፋለች፤ በ19ኙ ምንም አያልፍም። መስመሩ የሚለው ይህን ብቻ ነው። ነጥቧ ለበሽታው መንስኤ ናት አይልም፤ ተጽዕኖዋ ትልቅ ነው አይልም፤ ያላለፉት ውሸት ናቸውም አይልም።

አፍሪካን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የሰው ልጅ ከሁሉም በላይ ረጅም ዘመን የኖረው በአፍሪካ ስለሆነ፣ በትውልድ ብዛት የጂኖሙ ክፍሎች ይበልጥ ተቆራርጠው ተቀላቅለዋል። አብረው የሚወረሱ ፊደላት ሰንሰለት አጭር ነው፤ ስለዚህ የተለያዩ ጥያቄዎች ቁጥር ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበ አንድ ግምት ቁጥሩ በአፍሪካውያን ዘንድ እጥፍ እንደሚሆን ገልጿል። እጥፍ ከሆነ መስመሩ ወደ 2.5×10⁻⁸ ዝቅ ይላል፤ በሥዕሉ ላይ ወደ 7.6 ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በወላይታው ጥናት ላይ ትርጉም አለው።

የወላይታው ሥዕል

በጥናቱ መስመሩን ያለፈችው ስኒፕ rs17612858 ትባላለች፤ የምትገኘው በክሮሞሶም 6 ላይ ነው። የታማሚዎችንና የጤነኞችን ቅጂዎች እየቆጠረ በሚያነጻጽረው ስሌት ፒ ቫልዩዋ 1.42×10⁻⁹፣ ከፍታዋም 8.85 ነው። ምጥጥኗ 2.44 ነው፤ ከላይ ለምሳሌ የወሰድነው ቁጥር ለዚህ የቀረበ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሌላም ስሌት ሠርተዋል። ቅጂዎችን ለየብቻ ከመቁጠር ይልቅ እያንዳንዱን ሰው እንደ አንድ ወስዶ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ መያዙን በሚመዝነው ስሌት፣ ምጥጥኗ 2.19፣ ፒ ቫልዩዋ 3.44×10⁻⁸ ሆነ። ከፍታዋ አሁን 7.46 ነው።

አንዲት ስኒፕ፣ ያው ሰው፣ ያው ደም፤ ከፍታዋ ግን ሁለት። በመጀመሪያው ስሌት በማንኛውም መለኪያ ታልፋለች። በሁለተኛው የተለመደውን 7.3 በጥቂቱ ታልፋለች፤ ለአፍሪካውያን የተገመተውን 7.6 ግን አትደርስም። አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል። መስመሩ በእውነትና በሐሰት መካከል የቆመ ግንብ ስላልሆነ፣ ለመስመሩ ቅርብ የሆነች ነጥብ ሌላ ምስክር ያስፈልጋታል።

የመጀመሪያው ምስክር በሥዕሉ ላይ ያለው ሰፈር ነው። ከፍታቸው ከ5 በላይ የሆነ ሌሎች 7 ስኒፖች ተገኝተዋል። መስመሩን አላለፉም። ነገር ግን 7ቱም በጂኖሙ ላይ እዚህም እዚያም አልተበተኑም፤ ኤችኤልኤ በተባሉት ዘረመሎች ውስጥ ወይም አጠገብ ተሰብስበዋል። rs17612858ም ከእነዚሁ ዘረመሎች አንዱ ከሆነው ዲኪውኤ1 5,800 ፊደላት ያህል ብቻ ርቃ ነው የምትገኘው። እውነተኛ ምልክት እንዲህ ነው መታየት ያለበት። ጎረቤት ፊደላት አብረው ስለሚወረሱ፣ አንዱ ከበሽታው ጋር ከተገናኘ ጎረቤቶቹም በየአቅማቸው ከፍ ይላሉ። በሥዕሉ ላይ ማማ የሚመስል ቅርጽ የሚፈጠረውም ለዚህ ነው።

አባት፣ እናት፣ ልጅ

ሁለተኛው ምስክር ከሥዕሉ ውጪ የመጣ ነው። በእንዲህ ያለ ጥናት ትልቁ ሥጋት ታማሚዎቹና ጤነኞቹ የዘር ሐረጋቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ታማሚዎቹ ባብዛኛው ከአንድ ጎሳ፣ ጤነኞቹ ባብዛኛው ከሌላ ጎሳ ቢመጡ፣ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በታሪክ የተፈጠረ ማንኛውም የፊደል ልዩነት ከበሽታው ጋር የተያያዘ መስሎ ይታያል።

ተመራማሪዎቹ ይህን ሥጋት ለማስወገድ 202 ቤተሰቦችን ወሰዱ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ታማሚ ልጅና ሁለቱን ወላጆቹን። አሠራሩ ይህ ነው፦ አንድ አባት ኤ እና ጂ ቢኖረው ለልጁ የሚያወርሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው፤ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው። ፊደሉ ከበሽታው ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ በታማሚ ልጆች ላይ ጂ የወረደው በግማሹ ብቻ መሆን አለበት። ጂ ከግማሽ በላይ ደጋግሞ ወደ ታማሚ ልጆች ከወረደ ግንኙነት አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚነጻጸሩት የተወረሰው ፊደልና እዚያው አባት ዘንድ የቀረው ፊደል ስለሆኑ፣ የጎሳ ልዩነት ሊያታልል አይችልም። ውጤቱ በቤተሰቦቹም ዘንድ ጸና። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ውስጥ ያንኑ የኤችኤልኤ አካባቢ እንደገና አገኘ። ከመስመሩ ቁመት ይልቅ ይህ ድግግሞሽ ነው የሚያሳምነው።

መስመሩን አልፋ የምታታልል ነጥብ

የማንሃተን ሥዕል የሚሳሳትባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም በዓይን ሊያዙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ብቸኛ ነጥብ ነው። ከሥሯ ምንም ማማ ሳይኖር፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተኝተው፣ አንዲት ነጥብ ለብቻዋ ሽቅብ ወጥታ ከታየች የመጀመሪያው ጥርጣሬ የንባብ ስሕተት ነው። ቺፑ ያን ፊደል በአንዳንድ ናሙናዎች ላይ አሳስቶ አንብቦታል ማለት ሊሆን ይችላል። የታማሚዎቹ ናሙና በአንድ ዓይነት ቺፕ፣ የጤነኞቹ በሌላ ከተነበበ፣ የቺፖቹ ልዩነት የበሽታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ 100 ዓመት የሚያልፉ ሰዎችን ዘረመል ያጠና ታዋቂ ጽሑፍ የገጠመው ይኸው ነው። በጥናቱ ከዋለ ቺፕ ጋር የተያያዙ የንባብ ስሕተቶች ተገኙ፤ ጽሑፉም በ2011 በደራሲዎቹ ተነሳ።

ሁለተኛው መላው ምንጣፍ ከፍ ሲል ነው። በሁሉም ክሮሞሶሞች ላይ ነጥቦች ከሚጠበቀው በላይ ከወጡ፣ ችግሩ የአንድ ቦታ ሳይሆን የናሙናው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከላይ ያነሳነው የዘር ሐረግ መደባለቅ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለማወቅ ከማንሃተኑ ጎን ሌላ ሥዕል ያወጣሉ። በእሱ ላይ በአጋጣሚ ብቻ ይመጣሉ ተብለው የሚጠበቁ ፒ ቫልዩዎች ከተገኙት ጋር ይነጻጸራሉ። ነጥቦቹ ሰያፉን መስመር ተከትለው ሄደው መጨረሻ ላይ ጥቂቶቹ ብቻ ከተነጠሉ መልካም ነው። ከመጀመሪያው አንስቶ ከመስመሩ ከራቁ ግን ማንሃተኑን ከማመን በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እጅግ ብዙ ሰው በተሳተፈበትና በሺዎች የሚቆጠሩ ስኒፖች ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡበት ባሕርይ ላይ ምንጣፉ በእውነትም ከፍ ሊል ይችላል።

ከመስመሩ በታች ያሉት

ከፍታ የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ የፊደሉ ኃይልና የተሳታፊው ብዛት። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። 30 በመቶና 51 በመቶ የሆነው ልዩነት ሳይለወጥ ተሳታፊዎቹ በግማሽ ቢቀነሱ፣ የነጥቧ ከፍታ ወደ 4.7 ይወርዳል። ያው እውነተኛ ፊደል ከመስመሩ በታች ይቀራል። ተሳታፊዎቹ እንደነበሩ ሆነው የፊደሉ ምጥጥን 1.2 ቢሆን ደግሞ፣ በታማሚዎቹ ዘንድ 34 በመቶ፣ በጤነኞቹ 30 በመቶ ይሆንና ከፍታው አንድ እንኳ አይሞላም። 400 ሰው በማይሞላ ጥናት እንዲህ ያለ ፊደል የማይታይ ነው።

ብዙ በሽታዎች ላይ የተገኙት ፊደላት ደግሞ ከ1.2 ያነሰ ምጥጥን ያላቸው ናቸው። በስኪዞፍሬኒያ ላይ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶች መስመሩን የሚያልፍ ያገኙት ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 37,000 ታማሚዎችና 113,000 ጤነኞች ሲነጻጸሩ በ108 ቦታዎች መስመሩ ታለፈ። መስመሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ማማዎቹ ናቸው ያደጉት። ስለዚህ የወላይታውን ሥዕል አይቶ “ለዝሆኔ የሚያጋልጠው ክሮሞሶም 6 ብቻ ነው” ማለት አይቻልም። የሚባለው “በዚህ ያህል ሰው ሊታይ የቻለው ትልቁ ክሮሞሶም 6 ላይ ነው” ነው።

ነጥቧ የማትናገረው

ከፍተኛዋ ነጥብ የበሽታው መንስኤ ላትሆን ትችላለች። የኤችኤልኤ አካባቢ በጂኖሙ ውስጥ ፊደላት ረጅም ሰንሰለት ሠርተው አብረው ከሚወረሱባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ በ94 ታማሚዎችና በ94 ጤነኞች ላይ የኤችኤልኤን ዓይነቶች ለይተው ሲያዩ ሦስት የተለያዩ ዘረመሎች ላይ ያሉ ዓይነቶች ከበሽታው ጋር ተያይዘው አገኙ፤ ምጥጥናቸውም ከ1.79 እስከ 2.00 ነው። ሦስቱ ተከታትለው የሚወረሱ በመሆናቸው ዋናው የትኛው እንደሆነ በዚህ ዘዴ መለየት አይቻልም። ሥዕሉ ሰፈሩን ይጠቁማል፤ የቤት ቁጥሩን አይሰጥም።

ሰፈሩ ግን ብዙ ይነግራል። የኤችኤልኤ ዘረመሎች የሚሠሩት ፕሮቲን ወደ ሰውነት የገቡ ባዕድ ነገሮችን ቁራጭ ይዞ ቲ ሴል ለተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት የሚያሳይ ነው። ተላላፊ ያልሆነና ከአፈር የሚመጣ በሽታ ከዚህ ቦታ ጋር መያያዙ፣ እግሩን የሚጎዳው አፈሩ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው ቁጣም ሊሆን እንደሚችል አመለከተ።

በመጨረሻም ስለ አንድ ሰው ዕጣ። በምሳሌያችን በጤነኞቹ ዘንድ ጂ 30 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቅጂ ስላለው፣ ከጤነኞቹ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጂ ይዘው በደህና ይኖራሉ ማለት ነው። ከታማሚዎቹ ደግሞ ሩብ ያህሉ አንድም ጂ ሳይኖራቸው ታመዋል። 5×10⁻⁸ን ያለፈ ፊደል እንኳ ማን እንደሚታመም ለይቶ አይናገርም።

ይህን የማነሳው በዝሆኔ ታማሚ ቤተሰቦች ላይ የሚደርሰው መገለል አሁንም ስላለ ነው። “በዘራቸው ነው” ተብሎ ልጃቸው ለጋብቻ የሚከለከል ቤተሰብ አለ። የዘረመል ጥናት የዚህ ክልከላ ምስክር ሊሆን አይችልም። የተጋለጠ ፊደል የያዘም ሆነ ያልያዘ ልጅ ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ካልረገጠ በዚህ በሽታ አይያዝም፤ እብጠቱ ከጀመረም እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ ማሰርና ጫማ ማድረግ ያሻሽለዋል። ስለዚህ ቀይ አፈር ባለበት አካባቢ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ልጁ መራመድ ሲጀምር ጫማ አድርጉለት፤ የታመመ ጎረቤት ካላችሁም እንዳያፍርና ቶሎ እንዲታከም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።